ማሽላ እየበሉ እንቁላል ለምን ያቆማሉ? የሰቆጣ ዶሮዎች የበጋ ቀለብ



ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። በሰቆጣ አካባቢ አምስት ዶሮ የሚያረቡ አንዲት እናት፣ «በየቀኑ ማሽላ እየበተንኩላቸው በየካቲት መጣል የተዉት ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ዶሮዎቹ በክረምት ትልና ነፍሳት ይለቅማሉ፤ በመኸር የአውድማ ጥሬ ያገኛሉ። በበጋ የዋግ ኽምራ ደጋ ሲደርቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ነፍሳቱ ነው፤ ከእርሱም ጋር ፕሮቲኑ ይሄዳል። እኒህ እናት የጎደለውን የሞሉት በኃይል ሰጪ እህል ነበር። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይይዛል። ለአንዲት ዶሮ የሚሰጡት 50 ግራም ማሽላ ግን የሚያስገኘው 5 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ ዶሮዋ ለራሷ አካል ትፈልጋለች። ስለዚህ ትወፍራለች እንጂ አትጥልም።

መፍትሔው ማሽላውን መጨመር ሳይሆን ከፊሉን መተካት ነበር። ማሽላውን ወደ 30 ግራም ቀንሰን 20 ግራም የደረቀ የጠላ አተላ ጨመርንበት። ስኳሩና ስታርቹ በመፍላት ስለሚያልቅ በአተላው ውስጥ ፕሮቲኑ ይጠራቀማል። አተላው በተጠለለበት ዕለት በስሱ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት፤ ካደረ ይሻግታል፣ የሻገተውም መጣል አለበት። የተረፈ ሽሮና የባቄላ ክክ ወጥም ይጠቅማል፤ ጨው የበዛበት ግን ዶሮን ይጎዳል።

ሁለተኛው ጉድለት በቅርፊቱ ላይ ታየ፤ እንቁላሎቹ በእጅ ሲያዙ ይሰነጠቁ ነበር። አንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ሲይዝ በማሽላ ውስጥ ያለው ከቁጥር አይገባም። እንቁላሉ ገበያ በወጣ ቁጥር ካልሲየሙም ከቤት ይወጣል። ስለዚህ ቅርፊት ከከተማው ቁርስ ቤቶች እየለቀምን፣ በምጣድ አምሰን በደንብ አደቀቅነው። ቅርጹ እስኪጠፋ ካልደቀቀ ዶሮዎቹ የራሳቸውን እንቁላል መብላት ሊለምዱ ይችላሉ።

ከሁሉ የከበደው ውሳኔ ግን የዐቢይ ጾም ነው። በጾሙ እንቁላል ገዢ ስለሌለው ቀለብ መቀነስ ትርፍ ይመስላል። ሆኖም አስኳል በዶሮዋ ሆድ ለማደግ 10 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ የከሳችው ደግሞ አስቀድማ ማገገም አለባት። በሰሙነ ሕማማት የተጀመረ ቀለብ ለፋሲካ ገበያ አይደርስም። የቀነሰ ሰው ቢያንስ ከደብረ ዘይት፣ ማለትም ከፋሲካ 4 ሳምንት አስቀድሞ፣ ወደ ሙሉው ቀለብ ሊመለስ ይገባል።

ገደቡንም ልናገር። ለመታቀፍ የተቀመጠች የአገር ዶሮ በቀለብ ብዛት አትጥልም። እኒህ እናት ከአምስቱ አንዷ እንዲህ ሆናባቸው ነበርና አስታቀፏት፤ አራቱ መጣል ጀመሩ።