በቀይ የጻፍኩት የት ሄደ? ስለ ኢሜይል መልስ አጻጻፍ

(በዲራ በዓርብ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው ትንሽ ስለምትመስል ነገር ነው። ኢሜይል ይመጣላችኋል፣ ሪፕላይ ትጫናላችሁ፣ መጻፍ ስትጀምሩ ፊደሉ ከትናንቱ የተለየ ይሆናል። ትናንት ወፍራምና ባለቀለም መጻፍ ትችሉ ነበር፣ ዛሬ እምቢ ይላል። የላከላችሁ ሰው ጽሑፍ ደግሞ በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ `>` የምትባል ምልክት ይዞ ይመጣል። ያኔ አንዳንዶቻችን «ስልኬ ተበላሸ» እንላለን፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ «አካውንቴ ውስጥ ሰው ገባ» ብለን እንደነግጣለን። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ከሁለቱም አይደለም። የተቀየረው የአጻጻፉ ዓይነት ብቻ ነው።

ኢሜይል የሚጻፍበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ፕሌን ቴክስት ይባላል፣ ተራ ጽሑፍ ማለት ነው። ይህ ጥለት የሌለው ነጠላ በሉት። ፊደል፣ ቁጥርና ነጥብ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ቀለም፣ ወፍራም ፊደል፣ የፎንት ዓይነት፣ በጽሑፉ መሀል የተለጠፈ ፎቶ፣ አንዱንም አይዝም። ሁለተኛው ሪች ቴክስት ነው፤ ጥለት ያለው። ቀለሙም፣ የፊደሉ ትልቅነትም፣ መስመሩም አብሮ ይሄዳል።

ሰው የጻፈውን መልሶ የማሳየቱም ነገር በዚያው ይለያያል። በሪች ቴክስት የቀድሞው ደብዳቤ በጎኑ ቀጥ ያለ መስመር ተሠምሮለት ይታያል። በተራ ጽሑፍ መስመር ማሥመር ስለማይቻል በምትኩ `>` ይገባል። አንድ `>` ማለት አሁን የምንመልስለት ሰው የጻፈው ነው። ሁለት ከሆነ፣ `>>` ማለት ነው፣ ከዚያ በፊት የተጻፈው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን የድሮ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ምልክቷ ቆሻሻ አይደለችም፣ አትሰርዟት። ማን ምን እንዳለ የምትመሰክርላችሁ እሷ ነች።

እሺ፣ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እህት ደሞዟ ቀርቶባት አመለከተች እንበል። ጉዳዩን የያዘው ሰው አሠሪው የሰጠውን መልስ በኢሜይል ላከላትና «በዚህ ላይ ያለሽን ተናገሪ» አላት። እሷም ሪፕላይ ተጭና ከእያንዳንዱ የአሠሪው ቃል ሥር የራሷን መልስ በቀይ ጻፈች። መጨረሻ ላይ «በቀይ የጻፍኩት የኔ መልስ ነው» ብላ ላከችው። እሷ ስታየው ግልጽ ነው፤ ጥቁሩ የአሠሪው፣ ቀዩ የእሷ። ያኛው ሰው የሚያነበው በተራ ጽሑፍ ከሆነ ግን የሚያየው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

```
> የ3 ወር ደሞዝ 3000 ሪያል ተከፍሏል።
> የተከፈለ ነገር የለም።
> ኢቃማው በጊዜው ታድሷል።
> ካለፈበት 2 ወር ሆኖታል።
```

ቀዩ የለም። የእሷም መልስ ቀጥ ባለው መስመር ውስጥ ተጽፎ ስለቀረ፣ እሱም እንደ አሠሪው ቃል `>` ተሰጥቶታል። አንባቢው «ተከፍሏል» ያለው ማን እንደሆነ፣ «የተከፈለ የለም» ያለውም ማን እንደሆነ ሊለይ አይችልም። «በቀይ የጻፍኩት» የሚለውን ሲያነብ ደግሞ ቀይ ፈልጎ ያጣል። እዚህ ላይ የቀረው ጌጥ አይደለም፤ የ3 ወር ደሞዝ ጥያቄ ነው።

«እኔ በቀይ ልኬ እሱ እንዴት ጥቁር ያያል?» ትሉ ይሆናል። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ በሪች ቴክስት የምንልከው ኢሜይል ብዙ ጊዜ በአንድ ፖስታ ውስጥ ሁለት ቅጂ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱ ባለጥለቱ፣ አንዱ ተራው። የትኛውን እንደሚያሳይ የሚወስነው የተቀባዩ ፕሮግራም ነው። እኛ ጋ ያማረው እሱ ጋ እንደዚያው ይታያል ብለን መተማመን አንችልም። ጂሜይል ተራውን ቅጂ ሲያዘጋጅ ወፍራም የነበረውን ቃል በሁለት ኮከብ መሀል ያስገባዋል፣ `*እንዲህ*`። ለቀለም ግን ምንም ምልክት የለውም፣ ዝም ብሎ ይጥለዋል።

ማረጋገጥ የምትፈልጉ በኮምፒውተር ጂሜይል ላይ የተላከውን ደብዳቤ ክፈቱ፣ በጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና `Show original` የሚለውን ምረጡ። ብዙ የማይገባ ነገር ይወጣል፣ አትደንግጡ። እነዚህን ሁለት መስመሮች ብቻ ፈልጉ፦

```
Content-Type: text/plain; charset="UTF-8"
Content-Type: text/html; charset="UTF-8"
```

የመጀመሪያው ተራው ቅጂ ነው፣ ሁለተኛው ባለቀለሙ ነው። ሁለቱም ካሉ ሁለቱም ሄደዋል። `text/plain` ብቻ ካለ ቀለም የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልሄደም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ሳንነካው ለምን ይቀየራል? በብዛት የማያቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ ሳናውቅ ነክተነው ነው። ጂሜይልን በኮምፒውተር ስትከፍቱ፣ በምትጽፉበት ሳጥን ታች፣ `Send` ካለበት መስመር ላይ ሦስት ነጥቦች አሉ። እዚያ ውስጥ `Plain text mode` የሚል አለ። አንድ ጊዜ ከተጫናችሁት ከጎኑ የራይት ምልክት ይገባል፣ ጂሜይልም ምርጫችሁን ያስታውሳል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም የምትጽፉት በተራ ጽሑፍ ይከፈታል። በኢንተርኔት ቤት ወይም በማዳም ኮምፒውተር ስትጽፉ የነካችሁት፣ በሌላ ቀን ሲያስገርማችሁ የሚገኘው ለዚህ ነው። መልሶ ለማጥፋት እዚያው ገብቶ አንድ ጊዜ መጫን ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ደብዳቤውን በቀለም ከጻፋችሁ በኋላ ወደ ተራ ከቀየራችሁት ቀለሙ ይጠፋል፣ ወደ ሪች ብትመልሱትም ተመልሶ አይመጣም።

ሁለተኛው፣ የላከው ሰው ነው የወሰነው። አውትሉክ የሚባለው ፕሮግራም ለመልስ የሚከፍተው ደብዳቤው በመጣበት ዓይነት ነው። በተራ ጽሑፍ ለመጣ ደብዳቤ መልሱም በተራ ይከፈታል። አዲስ ደብዳቤ ስትጀምሩ ያለው ፎንትና ሪፕላይ ላይ ያለው ፎንት የሚለያየውም ስለዚህ ነው፤ በቅንብሩ ውስጥ ለአዲስ ደብዳቤ፣ ለመልስና ለተራ ጽሑፍ ሦስት የተለያዩ የፎንት ምርጫዎች አሉት። አንዱን ብትቀይሩ ሌላው አይቀየርም።

ሦስተኛው፣ ከሌላ ቦታ ኮፒ ያደረግነው ጽሑፍ ነው። ከወርድ ወይም ከሌላ ደብዳቤ ወስደን ስንለጥፍ የራሱን ፎንት፣ ቀለምና ትልቅነት ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ የምንጽፈውም እሱን ይከተላል። ጠቋሚያችን በሰውየው ጽሑፍ መሀል ስታርፍም እንደዚሁ ነው፤ የእሱን ፊደል እንወርሳለን። ይህን ለማስቀረት በኮምፒውተር `Ctrl+V` በመጫን ፈንታ `Ctrl+Shift+V` መጫን ነው፣ ጽሑፉ ብቻ ይመጣል። ከተለጠፈ በኋላ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን መርጣችሁ `Remove formatting` የሚለውን ተጫኑ።

ስለ አማርኛችንም አንድ ቃል ልጨምር። በተራ ጽሑፍ ብንልክ አማርኛው ይጠፋል ብላችሁ አትፍሩ። የዛሬ ስልኮች የግእዝ ፊደልን የሚጽፉት በዩኒኮድ ነው፤ የእኛ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ «ደ» ምንጊዜም «ደ» ሆና ትደርሳለች፣ መልኳ ብቻ በስልኩ ፎንት ቀጠን ወይም ወፈር ትላለች። የሚያሰጋው የድሮ ሰነድ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የግእዝ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በእንደዚያ ያለ ፎንት የተጻፈ የድሮ ውል ወይም ውክልና ኮፒ ተደርጎ በተራ ጽሑፍ ላይ ሲለጠፍ ፎንቱ ይቀራል፣ ከሥር የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይወጣል። የማይነበብ ዝብርቅርቅ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላልና፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ በአታችመንት ላኩት።

ታዲያ ለጉዳይ ስንጽፍ እንዴት እንጻፍ? ትርጉሙን በቀለም ላይ አታስቀምጡ፣ በቃል ላይ አስቀምጡ። ያቺ እህት እንዲህ ብትጽፍ ኖሮ በየትኛውም ስልክ ቢነበብ፣ በወረቀት ቢታተምም አይምታታም ነበር፦

```
> የ3 ወር ደሞዝ 3000 ሪያል ተከፍሏል።

የሠራተኛዋ መልስ 1፦ የ3 ወር ደሞዜ፣
3000 ሪያል፣ አልተከፈለኝም።

> ኢቃማው በጊዜው ታድሷል።

የሠራተኛዋ መልስ 2፦ አልታደሰም።
ካለፈበት 2 ወር ሆኖታል።
```

«የሠራተኛዋ መልስ» የሚሉት ቃላት ከማንም ፕሮግራም አይጠፉም። `>` እንኳ ተሳስቶ በእነሱ ፊት ቢገባ፣ የማን ቃል እንደሆነ ይናገራሉ። ከላይና ከታች አንድ አንድ ባዶ መስመር መተው ደግሞ ለዓይን ይለየዋል። በቁጥር መጻፉም ይጠቅማል፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ «መልስ 1 ላይ እንዳልኩት» ማለት ትችላላችሁ። በስልክ እየጻፋችሁ መሀል መግባት ካስቸገራችሁ፣ ሁሉንም ከላይ ጻፉት፤ «አሠሪው ‹ተከፍሏል› ላለው፣ መልሴ፦ አልተከፈለኝም» ብላችሁ ቃሉን ደግማችሁ ጥቀሱ። ከታች ያለውን የድሮ ደብዳቤ ግን አታጥፉት።

ፎቶም እንዲሁ ነው። የባንክ ወረቀት ወይም የዋትሳፕ ስክሪንሾት በጽሑፉ መሀል ከለጠፋችሁት በተራው ቅጂ ላይ አይታይም። በወረቀት መያዣው ምልክት፣ በአታችመንት፣ አያይዙትና በጽሑፉ ውስጥ «አባሪ 1፣ የባንክ ወረቀት» ብላችሁ ጥቀሱት።

ከመላካችሁ በፊት ደግሞ መፈተኛ አለ። የጻፋችሁትን ሁሉ ኮፒ አድርጉና አዲስ ደብዳቤ ላይ በ`Ctrl+Shift+V` ለጥፉት፤ በተራ ጽሑፍ የሚደርሰው ቃል ያው ነው። ከዚያ ጉዳዩን የማታውቅ ጓደኛችሁን «ይህን ያለው ማነው?» ብላችሁ በየመስመሩ ጠይቋት። ሳትጠራጠር ከመለሰች ደብዳቤው ይሂድ። አንድ መስመር ላይ እንኳ ካመነታች፣ እዚያ መስመር ላይ የተናጋሪውን ስም ጨምሩበት።