የሦስት ሴንቱ ሥራ

አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናወራው ኮምፒውተር እንዲማርባቸው ፎቶ ላይ ያሉ መኪናዎችን በሳጥን እየከበቡ ገንዘብ ስለሚያገኙበት ሥራ ነው።

ለአንድ ፎቶ 3 ሴንት ይከፈላል እንበል። አንዱን በ40 ሰከንድ ብትጨርሱ በሰዓት 90 ፎቶ፣ ማለትም 2 ዶላር ከ70 ሴንት ይሆናል። ነገር ግን ሥራ ለመፈለግና መመሪያ ለማንበብ የሚጠፋው ጊዜ አይከፈልበትም። ሩብ ሰዓት ከወሰደባችሁ ገቢው ወደ 2 ዶላር ይወርዳል። አማዞን ሜካኒካል ተርክ ስለተባለው የእንዲህ ያሉ ሥራዎች ድረ ገጽ በ2018 የወጣ ጥናትም ያገኘው የሰዓት ገቢ መካከለኛ መጠን 2 ዶላር አካባቢ ነበር።

መግቢያ ፈተናም አለ። ግማሹ በዛፍ የተሸፈነ መኪና ሲመጣ ሳጥኑ የሚታየውን ክፍል ብቻ ይክበብ ወይስ ሙሉውን? ይህን የሚወስነው የየሥራው መመሪያ ነው፤ በግምት የመለሰ ይወድቃል።

ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አይበቃም። መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ፎቶዎች በሥራው መካከል ተደብቀው ይመጣሉ፤ እነሱን ደጋግሞ የሳተ አካውንቱ ይታገዳል። አካውንት ለወንድም ማዋስ ወይም በቪፒኤን ሌላ አገር መስሎ መግባትም ያሳግዳል። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በዝርዝር አለመነገሩ ነው። ያልወጣ ገንዘብም አብሮ ሊቀር ስለሚችል፣ ዝቅተኛው የማውጫ መጠን እንደሞላ አውጡት።