«በ»፣ «ወደ» እና የመቶኛ ነጥብ፦ የሽያጭ ሪፖርትን በጥንቃቄ ስለ ማንበብ



ንግግሬን የምጀምረው በአንድ የቦነስ ውል ነው። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አከፋፋይ ድርጅት ለሽያጭ ሠራተኞቹ «የገበያ ድርሻችን በ5 በመቶ ካደገ የአንድ ወር ደመወዝ ቦነስ ይከፈላል» ሲል በጽሑፍ ቃል ገባ። በዚያን ጊዜ ድርሻው 20 በመቶ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ 22 በመቶ ሆነ። ሠራተኞቹ «የ20 አምስት በመቶ 1 ነው፤ ስለዚህ 21 ስንደርስ ግዴታችንን ተወጥተናል» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን «እኔ የጠየቅሁት 25 እንድትደርሱ ነው» አለ። ውሉን እንድመለከት ተጠይቄ ነበር። በጥብቅ ሲነበብ ሠራተኞቹ ትክክል እንደ ነበሩ ያኔም ዛሬም አምናለሁ። ሥራ አስኪያጁም ቢሆን አልዋሸም፤ በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ብዙዎቻችን የምንናገረው እንደ እርሱ ነው። በመጨረሻ ግማሹ ተከፈለ፤ ደስ ብሎት የሄደ ግን አልነበረም።

ልዩነቱ ይህ ነው። በመቶኛ የተገለጸ አንድ ቁጥር ሲለወጥ ለውጡን በሁለት መንገድ መለካት ይቻላል። ከ20 ወደ 22 የሄደ ድርሻ በቀጥታ ሲቀነስ 2 የመቶኛ ነጥብ ጨምሯል። ከመነሻው አንጻር ሲታይ ደግሞ 2 ለ20 ተካፍሎ የ10 በመቶ ዕድገት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። «የመቶኛ ነጥብ» የሚለው አጠራር ገና በሁሉም ዘንድ ስላልተለመደ፣ ጸሐፊው ሁለቱንም «በመቶ» ብሎ ያልፋቸዋል።

የአማርኛችን አገባብም የራሱን ችግር ይጨምራል። «በ15 በመቶ አደገ» ስንል የጭማሪውን መጠን፣ «ወደ 15 በመቶ አደገ» ስንል የደረሰበትን ቦታ እንናገራለን። ነገር ግን «ወደ» ግምትንም ያመለክታል፤ «ወደ አሥር ሰዎች መጡ» እንደምንለው። ስለዚህ «ድርሻችን ወደ 15 በመቶ አድጓል» የሚለው ዓረፍተ ነገር «15 ደረሰ» ማለትም፣ «15 በመቶ ያህል ጨመረ» ማለትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ በኅዳጉ ላይ «ከስንት?» ብዬ እጽፋለሁ። መነሻው ካልተነገረ መድረሻው ትርጉም የለውም።

አሁን ለዛሬው ንግግር ያዘጋጀሁትን ምሳሌ እንመልከት። አንድ የልብስ ሳሙና ፋብሪካ ለቦርዱ ያቀረበው ዓመታዊ ሪፖርት እንዲህ ይላል እንበል፦ «የገበያ ድርሻችን በ25 በመቶ አድጓል፤ የትርፍ ምጣኔያችን ግን በ5 በመቶ ብቻ ቀንሷል።» ሰሚው 25 አግኝተን 5 አጣን ብሎ ያስባል። ከሪፖርቱ ጀርባ ባለው አባሪ ሠንጠረዥ ላይ ግን ድርሻው ከ12 ወደ 15 በመቶ፣ የትርፍ ምጣኔው ደግሞ ከ20 ወደ 15 በመቶ መሄዱ ተጽፏል። የትርፍ ምጣኔ የምለው ከሽያጭ ገቢው ላይ የማምረቻ ወጪ ሲነሣ የሚቀረውን ክፍል ነው።

ጸሐፊው ጭማሪውን ከመነሻው አንጻር ለካ፤ 3 ለ12 ተካፍሎ 25 በመቶ ሆነለት። ቅነሳውን ግን በነጥብ ለካና 5 አለ። በአንድ ዓይነት መስፈሪያ ቢሰፍር ኖሮ ወይ «3 ነጥብ ጨመረ፣ 5 ነጥብ ቀነሰ» ይል ነበር፣ ወይም «በ25 በመቶ ጨመረ፣ በ25 በመቶ ቀነሰ»። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የድል ዜናው ይጠፋል። በአንድ ሪፖርት ውስጥ መልካሙ ዜና ሁሉ በአንዱ፣ መጥፎው ሁሉ በሌላው መስፈሪያ ሲለካ ካያችሁ ነገሩን በአጋጣሚ ለማመን አትቸኩሉ።

በዚህ ብቻ አንቁም፤ ወደ ብሩ እንሂድ። ሠንጠረዡ ሽያጩ ከ240 ሚሊዮን ወደ 255 ሚሊዮን ብር ማደጉን ያሳያል፤ ይህም 6.25 በመቶ ነው። ሽያጭን ለድርሻ ስናካፍል የጠቅላላ ገበያውን መጠን እናገኛለን። 240 ሚሊዮን ለ0.12 ሲካፈል 2 ቢሊዮን ብር ነው፤ 255 ሚሊዮን ለ0.15 ሲካፈል 1.7 ቢሊዮን። ለካስ ገበያው ራሱ በ15 በመቶ ጠቧል! ምናልባት አንድ ተወዳዳሪ ጥሬ ዕቃ አጥቶ ማምረት አቁሞ ይሆናል። ከሆነም የድርሻው ዕድገት የፋብሪካው ጉብዝና ብቻ አይደለም፤ ተወዳዳሪው ሲመለስ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ያልተጣራ ትርፉስ? የ240 ሚሊዮን 20 በመቶ 48 ሚሊዮን ነበር፤ የ255 ሚሊዮን 15 በመቶ 38.25 ሚሊዮን ነው። ወደ ካዝና የገባው ትርፍ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሷል። «በ5 በመቶ ብቻ» የተባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ከተማሪዎቼ አንዱ «እንግዲያው ሁልጊዜ በነጥብ ብቻ ብንጽፍስ?» ሲል ጠይቆኝ ያውቃል። አይበቃም። በብልሽት የሚመለስ ዕቃ ከ1 ወደ 2 በመቶ ቢያድግ «አንድ ነጥብ» ማለት ዕጥፍ መሆኑን ይሸሽጋል። እኔ የምመክረው መነሻውንና መድረሻውን ማስቀመጥ ነው፤ «ከ12 ወደ 15 በመቶ» የሚለው አነጋገር ለማሳሳት አይመችም።

ስሕተቱ ሁሉ ከተንኮል እንደማይመጣም ልመስክር። በኤክሴል ድርሻዎቹ በ`B2` እና በ`C2` ተጽፈው ከሆነ እነዚህን ሁለት ቀመሮች እዩ፦

```
=C2-B2
=C2/B2-1
```

የመጀመሪያው ነጥቡን፣ ሁለተኛው ከመነሻው አንጻር ያለውን ለውጥ ይሰጣል። ሕዋሶቹ በመቶኛ ቅርጽ ሲታዩ ግን አንዱ `3%`፣ ሌላው `25%` ሆኖ ይወጣል፤ ምልክቱ አንድ ነው። ሪፖርቱን የሚጽፈው ሌላ ሰው ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ ሲወስድ የትኛው ቀመር እንደ ነበር አያውቅም። ስለዚህ ዓምዱ ርዕስ ላይ «ነጥብ» ወይም «ለውጥ» ተብሎ ይጻፍ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ በግሌ ከሁሉ ይልቅ ችላ የተባለ የሚመስለኝ፣ ማጠጋጋት ነው። «12» እና «15» ወደ ሙሉ ቁጥር የተጠጋጉ ከሆኑ፣ እውነተኛው መነሻ ከ11.5 እስከ 12.5፣ መድረሻውም ከ14.5 እስከ 15.5 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የነጥብ ልዩነቱ ከ2 እስከ 4 ነው። ከመነሻው አንጻር ያለው ለውጥ ግን ከ12.5 ወደ 14.5 ከሆነ 16 በመቶ፣ ከ11.5 ወደ 15.5 ከሆነ ደግሞ 35 በመቶ ያህል ይሆናል። ገበያው ጠቧል ያልነውም ስሌት እንደዚሁ ይላላል፤ መጥበቡ አይቀርም፣ መጠኑ ግን በትክክል 15 በመቶ ነው ማለት አንችልም። ስለዚህ የተጠጋጋ ድርሻ ብቻ ይዞ «በ25 በመቶ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የማያውቀውን እየተናገረ ነው። በቦርድ ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት የብሩ ሽያጭና የገበያው ጠቅላላ መጠን፣ ከየት እንደ ተገኘም ጭምር ነው። የገበያውን መጠን የገመተው ራሱ የሽያጭ ክፍሉ ከሆነ፣ ከመቶኛው በፊት በዚያ ላይ መነጋገር ይገባል።