ማን፤ ምን፤ እስከ መቼ፤ ከስብሰባ በኋላ ስለሚጻፍ ኢሜይል



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ አጭር ደብዳቤ ነው። ይህ ደብዳቤ ስብሰባ ካለቀ በኋላ በኢሜይል የሚላክ፤ የተወሰነውን ነገር፤ ሥራውን የሚሠራውን ሰውና ሥራው የሚያልቅበትን ቀን የሚያስታውቅ ነው። ርእሱን የመረጥነው ሊቃውንት ስለ ሆንን ሳይሆን ተሳስተንበት ስለ ነበረ ነው።

እንደምታስታውሱት በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 2 ቀን ቅዳሜ ተማሪዎች፤ መምህራንና የወላጆች ተወካዮች ስለ ውሃ ተሰብስበን ነበር። ሰቆጣ በበጋ ውሃ የሚያሳስብበት አገር መሆኑን ጀሪካን ተሸክሞ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ በአሸንዳ ተሰብስቦ 5000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ እንዲጠራቀም ተስማማን። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች ገንዘቡን ሊያዋጡ ቃል ገብተው ስለ ነበረ፤ ውሳኔውን በኢሜይል ማስታወቅ የእኛ የጸሐፊዎቹ ሥራ ሆነ።

ስብሰባው በአማርኛና በኽምጣንጋ እየተነገረ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየ። እኛም ከአራት ቀን በኋላ ማን ምን እንደ ተናገረ በተራ የሚያወሳ ሁለት ገጽ ጽፈን ላክን። መጨረሻው ላይ «አሸንዳው እንዲሠራ፤ ሮቶውም ከክረምት በፊት እንዲገዛ ተወሰነ፤ ገንዘቡ እስከ 6/10 ይላክ» የሚል ነበረበት። ብዙዎች «እናመሰግናለን» ብለው መለሱልን። ከዚያ በኋላ ግን ግንቦት እስኪያልቅ ድረስ አንድ ሰው እንኳ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ሰኔ ሲገባ እየዞርን ብንጠይቅ ጥፋቱ በራሳችን ጽሕፈት ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ተገኘ።

የመጀመሪያው ጥፋት «እንዲሠራ ተወሰነ» ማለታችን ነው። ይህ አነጋገር በቋንቋችን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሠሪውን ይሸሽጋል። መምህራኑ ሲያነቡት ወላጆች የሚሠሩት መሰላቸው፤ ወላጆች ደግሞ ትምህርት ቤቱ የሚሠራው መሰላቸው። «ኮሚቴው ይሥራው» ብንል ኖሮም አይሻልም ነበር፤ በኮሚቴው ውስጥ አምስት ሰው ስላለ አምስቱም እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዚህ የተማርነው መፈተኛ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ውሳኔ በአንድ ሰው ስም ጀምሮ «እገሌ ይህን ይሠራል» ብሎ መጻፍ ነው። ዐረፍተ ነገሩ በስም አልጀምር ካለ ሥራው ገና ባለቤት አላገኘም ማለት ነው። የሚጻፈውም ሰው ከስብሰባው ቀርቦ «እሺ» ያለ መሆን አለበት፤ ካልነበረ አስቀድሞ ስልክ ተደውሎለት መቀበሉ ይረጋገጣል።

ሁለተኛው ጥፋት በቀኑ ላይ ነበረ። «ከክረምት በፊት» ያልነውን አንዱ ትምህርት ሳይዘጋ፤ ሌላው በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ክረምት የሚገባበት ሰኔ 26 ሳይደርስ፤ ሦስተኛው ዝናቡ ሳይበረታ ማለት ነው ብሎ ተረጐመው። ከዚህ የከፋው ግን «6/10» ነው። እኛ የጻፍነው ሰኔ ዐሥረኛው ወር ስለ ሆነ ሰኔ 6 ለማለት ነበረ። በአውሮፓ የሚኖሩት ገንዘብ ያዥ ግን ኦክቶበር 6 ብለው አነበቡት፤ ያም በእኛ መስከረም 26 ስለ ሆነ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሊልኩ ተዘጋጅተው ነበር። አሜሪካ ቢኖሩ ኖሮ ጁን 10 ብለው ያነቡት ነበር። ስለዚህ የዕለቱን ስም፤ የወሩን ስም በፊደልና የሁለቱንም አቈጣጠር መጻፍ ይገባል። የዕለቱ ስም ራሱ አራሚ ነው፤ ዓርብ ብለን የጻፍነው ቀን በአንባቢው ስልክ ሐሙስ ላይ ከዋለ አንዳችን እንደ ተሳሳትን ወዲያው ይታወቃል።

ሦስተኛው ጥፋት ብዙ የተነገረበትን ነገር እንደ ተወሰነ አድርገን መጻፋችን ነው። የሮቶውን ቁልፍ ማን ይያዝ በሚለው ላይ ከሁሉ የረዘመ ክርክር ተደርጎ ነበር፤ እኛም «ቁልፉን ዘበኛው ይይዛል» ብለን ጻፍን። አንድ አባት ሲነበብላቸው ሰምተው «ልጆቼ፤ ይህን እኔ ተናገርኩት እንጂ ማን ተስማማበት?» አሉን። እውነታቸውን ነበረ። ያልተወሰነ ነገር ያልተወሰነ ተብሎ ለብቻው መጻፍ አለበት።

ሰኔ 2 ቀን ሰኞ፤ ሥራውን ከሚሠሩት ጋር አንድ በአንድ ተነጋግረን፤ እንዲህ የሚል ሌላ ኢሜይል ላክን። በዚህ መጽሔት የሥራቸውን ስም ብቻ እናወሳለን እንጂ በኢሜይሉ ላይ ሁሉም በየስማቸው ተጽፈዋል።

«ርእስ፤ የጣሪያ ውሃ፤ የግንቦት 2 ቀን 2017 ስብሰባ ውሳኔና አራት ሥራዎች።

የወሰንነው፤ የደቡቡን መማሪያ ክፍል የጣሪያ ውሃ 5000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ እናጠራቅማለን።

1. የሳይንስ መምህራችን ጣሪያውን ለክተው የአሸንዳውን ርዝመት እስከ ዓርብ ሰኔ 6 (ጁን 13) ያስታውቃሉ።
2. ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን እስከ ዓርብ ሰኔ 13 (ጁን 20) ይልካሉ።
3. የወላጆች ሊቀ መንበር አሸንዳውን አሠርተው እስከ ዓርብ ሰኔ 27 (ጁላይ 4) ያስገጥማሉ።
4. ምክትል ርእሰ መምህሩ ሮቶውን ገዝተው እስከ ዓርብ ሐምሌ 4 (ጁላይ 11) ያስተክላሉ።

ያልወሰንነው፤ ቁልፉን ማን ይያዝ የሚለው ነው። በሚመጣው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ እንነጋገርበታለን።

የተሳሳትነው ካለ እስከ ረቡዕ ሰኔ 4 (ጁን 11) አርሙን።»

ይህ ሁሉ በስልክ መስኮት ላይ ጥቂት ጣት በማንቀሳቀስ ተነብቦ ያልቃል። ኔትዎርክ ሲደክም ተያይዞ የተላከ ፋይል አልከፈት ስለሚል ጽሕፈቱን በኢሜይሉ ገላ ላይ አደረግነው። ሥራ ያለባቸውን አራቱን ሰዎች `To` በሚለው መስመር፤ ለማወቅ ያህል የሚያነቡትን `Cc` በሚለው መስመር አስገባን። ኢሜይል ለሌላቸው ወላጆች አትመን በበሩ ላይ ለጠፍነው፤ ማንበብ ለማይችሉትም በአማርኛና በኽምጣንጋ አነበብንላቸው።

አራቱም ሥራዎች በየቀናቸው አለቁ። ሆኖም የጠፋውን ወር የሚመልስልን አልነበረም። በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን ዝናብ ጣለና ሮቶው ሊቆምበት በተደለደለው ባዶ ቦታ አጠገብ ቆመን፤ ውሃው ከጣሪያው እየወረደ ሜዳውን ሲያጥበው ተመለከትን። ጣሪያው 160 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1600 ሊትር ያወርዳል። ከዚያም የሚፈሰውና የሚተነው ቢቀነስ እንኳ ብዙ ጀሪካን ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ልማዳችን ይህ ነው። ስብሰባ ሊያበቃ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ከጸሐፊዎቹ አንዱ ተነሥቶ ማን፤ ምን፤ እስከ መቼ የሚሉትን ሦስቱን ብቻ ጮኾ ያነባል። የተጠራው ሰው «እሺ» ይላል፤ ወይም «እኔ አልችልም» ይላል። ጠብ የሚነሣው በዚያች ደቂቃ ነው፤ ሰዎቹ ገና ስላልተበተኑ ግን እዚያው ይታረማል። ኢሜይሉም በዚያው ቀን ሳይመሽ ይላካል። የቁልፉም ነገር በዚህ ልማድ ባለቤቱን አግኝቷል፤ ያንኑ ያረሙንን አባት መረጥንና ተቀበሉን።