ከመግባት እስከ መውጣት፦ አዲስ ሠራተኛና የቡድኑ ሰሌዳ

የዛሬው ክፍል ሰሞኑን ሥራ ለጀመራችሁ ነው፤ በተለይ ከትምህርት ጎን ለጎን በሚሽማሬት ለምትሠሩ። እዚህ አገር ብዙ ቡድኖች ሥራቸውን የሚከፋፈሉት በ monday.com ነው። እኔም የምሠራው ደንበኛ አገልግሎት ውስጥ ስለሆነ ምሳሌዬን ከዚያው አመጣለሁ።

ጠዋት የምትገቡት በሥራ ኢሜይላችሁ ነው፤ ብዙ ቦታ ስልካችሁ ላይ የሚመጣ ኮድም ይጠየቃል። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ጥግ ላይ ያለችውን ፎቶ እዩ። ካለፈው ሚሽማሬት የቀረ ሰው ሳይወጣ ሄዶ ከሆነ፣ የምትሠሩት ሁሉ በእሱ ስም ይመዘገባል።

ከዚያ My work የሚለውን ክፈቱ። ስማችሁ የተመደበባቸው ሥራዎች በቀን ተከፋፍለው ይታያሉ። ከ Today በፊት Past dates የሚለውን ተመልከቱ፣ ቀኑ ያለፈበት እዚያ ነው ያለው። ቀን ያልተሰጠው ሥራ ደግሞ Without a date ስር ይወርድና ይረሳል። አለቃችሁ፣ ማለት ራሽ ጸቬቱ፣ «ይቺን ያዙልኝ» ብሎ በቃል ነግሯችሁ እዚህ ካላያችኋት፣ ምናልባት ስማችሁ አልገባም። ያኔ ቦርዱ ላይ ፈልጉና ስምና ቀን እንዲገባባት አድርጉ። አለበለዚያ ሐሙስ ላይ «የት ደረሰች?» ስትባሉ የምታሳዩት ነገር የለም።

አሁን አንድ ሥራ አብረን እንያዝ። «የደረሰኝ እርማት» ይላል። ናታንያ ያለ ደንበኛ ደረሰኙ ላይ የድርጅቱ ቁጥር ተሳስቶበታል። ሥራውን ስትጀምሩ Working on it ታደርጉታላችሁ፣ ብርቱካናማ ይሆናል። ትንሽ ስትቆፍሩ ግን የወጣ ደረሰኝ ዝም ብሎ እንደማይሰረዝ ታያላችሁ፤ ሂሳብ ክፍል መጀመሪያ ሕሽቦኒት ዚኩይ፣ ማለትም የመሰረዣ ደረሰኝ፣ ማውጣት አለበት። እናንተ ከዚህ በላይ መሄድ አትችሉም። ስለዚህ Stuck፣ ቀይ።

ቀዩ ብቻውን ለማንም ምንም አይናገርም። ከሥራው ስም አጠገብ ያለችውን የንግግር ምልክት ክፈቱና እንዲህ ጻፉ፦ «የድርጅቱ ቁጥር ተሳስቷል። ትክክለኛው በደንበኛው ኢሜይል ውስጥ አለ፣ አያይዤዋለሁ። ከሂሳብ ክፍል ዚኩይ እጠብቃለሁ። ደንበኛው እስከ ረቡዕ ይፈልገዋል።» በቃ፣ አራት አጭር ዓረፍተ ነገር። ከሰዓት የሚገባው ልጅ ይህን አንብቦ ሳይደውልላችሁ መቀጠል ይችላል። «እየጠበቅኩ ነው» ብቻ ብትሉ ግን ማንን? ምን? የሂሳቡን ሰው ስም ደግሞ በ @ ጥሩት፤ በሥራው ላይ ያልተመደበ ሰው ካልተጠራ መልእክቱ ላይደርሰው ይችላል። የደንበኛን የክሬዲት ካርድ ቁጥር እዚያ አትጻፉ፣ ቦርዱን የሚከፍት ሁሉ ያየዋልና።

Done የሚባለውስ መቼ ነው? ሂሳብ ክፍል ሲመልስ አይደለም፤ አዲሱ ደረሰኝ ደንበኛው እጅ ሲገባ ነው። ብዙ ቡድኖች Done የሆነው ሥራ በራሱ ወደ ሌላ ክፍል እንዲሄድ አድርገው አስተካክለውታል። ቸኩላችሁ አረንጓዴ ካደረጋችሁት ከዓይን ይጠፋል፣ ደንበኛው ግን ረቡዕ ይደውላል። በስህተት ከተነካ ወዲያው Ctrl+Z ሞክሩ። ከቆየ ደግሞ Activity log ውስጥ ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደቀየረው ተጽፏል።

ቡድናችሁ የሰዓት መቁጠሪያ ካለው እሱንም ልብ በሉ። ሐሙስ 15:30 ላይ ከፍታችሁት ሳታቆሙት ብትሄዱ፣ እሁድ 8:30 ላይ 65 ሰዓት አስቆጥሮ ታገኙታላችሁ። በእጅ ይስተካከላል፣ ግን በዚያው ቀን ለአለቃችሁ ንገሩ። ደሞዛችሁ የሚሰላበት የመግቢያና መውጫ ሰዓት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥርዓት ላይ ነው ያለው፤ እዚህ አቁሙን መጫን እዚያ መውጣታችሁን አይመዘግብም። ሁለቱንም ለየብቻ ዝጉ። የወሩ መጨረሻ ላይ ታሉሹ ሲመጣ የጎደለ ሰዓት መፈለግ አስቸጋሪ ነው።

ከመውጣታችሁ አሥር ደቂቃ በፊት ብርቱካናማ የቀሩትን እዩና የት እንደደረሱ አንድ መስመር ጻፉባቸው። ከዚያ ፎቶአችሁን ተጭናችሁ Log out በሉ። መስኮቱን መዝጋት መውጣት አይደለም፣ ቀጣዩ ሰው ሲከፍተው እናንተ ውስጥ ነው የሚገባው። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕሊኬሽን ግን በዚህ አይዘጋም፤ በሰንበት እንዳይጮህባችሁ ማሳወቂያውን ዓርብ ከመግባቱ በፊት ከስልኩ አጥፉት።