ረጅሙ ሪፖርት በአንድ ገጽ



ዛሬ የምንነግራችሁ ብዙዎቻችን ለምንሠራበት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ስላዘጋጀነው የአንድ ገጽ ማስታወሻ ነው። ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ፈቃድ ታገኛለች። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። በመሃል ሦስት ወር ይጎድላል። እህቶቻችን ሕፃኑን ጡት የሚያስጥሉት ወይም ሥራ የሚለቁት በዚህ ጊዜ ነው።

መነሻችን የዓለም ሥራ ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ስለ ወሊድ ፈቃድና ስለ እንክብካቤ አገልግሎት ያወጣው ሪፖርት ነው። ገጾቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ምዕራፍ በምዕራፍ ብናሳጥረው እንኳ አሥር ገጽ ይሆንና ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከሪፖርቱ ሳይሆን ከሥራ አስኪያጁ ፊርማ ጀመርን። እሳቸው በራሳቸው ሥልጣን ምን መወሰን ይችላሉ? ፈቃዱን ማርዘም የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው። የማጥቢያ እረፍት መፍቀድና አንድ ክፍል መስጠት ግን በእጃቸው ነው። ሪፖርቱን ያነበብነው ለእነዚህ ለሁለቱ መልስ እየፈለግን ነው፤ ሌላውን፣ ጥሩም ቢሆን፣ ተውነው።

መተዉ ቀላል አልነበረም። ሪፖርቱ በዓለም ላይ 649 ሚሊዮን ሴቶች በቂ የወሊድ ጥበቃ የላቸውም ይላል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ማስታወሻው በዚህ ይጀምር አሉ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ስለ 649 ሚሊዮን ሴቶች አይወስኑም። በምትኩ የራሳቸውን ፋብሪካ ቁጥር አስገባን። ዛሬ ከስድስት ወር በታች ሕፃን ያላቸው 11 እናቶች ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ከወሊድ ፈቃድ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ የለቀቁት 7 ናቸው።

ሁለተኛው ነገር የቃላት ክብደት ነው። ጽሑፍ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚጠፋው «ቢደረግ ይመከራል» በሚለውና «መደረግ አለበት» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ነው። የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 የማጥቢያ እረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበት ይላል፤ ነገር ግን ስምምነት የሚያስገድደው ያጸደቀውን አገር ነው። በሥራ ቦታ ንጹሕ የማጥቢያ ክፍል ይኑር የሚለው ደግሞ ምክረ ሐሳብ ነው፤ ማንንም አያስገድድም። «ሕጉ ያስገድድዎታል» ብለን ብንጽፍና የፋብሪካው የሕግ ባለሙያ ስህተቱን ቢያገኝ፣ የቀረውም እውነት አብሮ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ «ይመከራል» የሚለውን እንዳለ ጻፍነው።

ሦስተኛው ወጪውን አለመደበቅ ነው። ለአንዲት እናት በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብንል፣ ለ11 እናቶች በቀን 11 የሥራ ሰዓት ይሄዳል። ይህ ከአንድ ሠራተኛ የቀን ሥራ ይበልጣል። እኛ ባንጽፈው እሳቸው ራሳቸው ያሰሉታል፤ ያን ጊዜ የደበቅናቸው ይመስላቸዋል። ከጎኑ ግን እያንዳንዷ እናት እረፍቱን የምትፈልገው ለጥቂት ወራት መሆኑን፣ የለቀቁትን 7 ለመተካት ደግሞ አዲስ ሠራተኛ መቅጠርና ማሠልጠን እንዳስፈለገ ጻፍን።

ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ የጡት ማጥቢያ እረፍትና ክፍል ስለመፍቀድ

የምንጠይቀው ውሳኔ፦ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች ሕፃን ላላት እናት በቀን ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ የማጥቢያ እረፍት ከነክፍያው እንዲፈቀድና ከክሊኒኩ አጠገብ ያለው ባዶ ክፍል ለማጥቢያ እንዲሰጥ።

አማራጭ 1፦ እረፍትና ክፍል። በቀን 11 ሰዓት ያህል ሥራ ይቀንሳል፤ ክፍሉ በር፣ ውሃና ወንበር ይፈልጋል።

አማራጭ 2፦ ክፍል ብቻ። ወጪው ያንሳል፤ እናቶች በምሳ ሰዓት ብቻ ይጠቀሙበታል።

አማራጭ 3፦ እንዳለ መተው። ባለፈው ዓመት 7 ሠራተኞች ለቀዋል።

የእኛ ሐሳብ፦ አማራጭ 1፣ ለስድስት ወር ሙከራ። የለቀቁት ቁጥር ካልቀነሰ እንደገና ይታይ።»

የሙከራው ጊዜ የገባው በምክንያት ነው። ሊመልሱት የሚችሉትን ውሳኔ ለመፈረም አይከብድም፤ እኛም ውጤቱን የምንለካበት ቀን አገኘን።

ከመስጠታችን በፊት ሪፖርቱን ላላየች አንዲት አባላችን ሰጠናትና ወረቀቱን ከእጇ ወስደን ሦስት ነገር ጠየቅናት። ምን ይፈረም ተባለ? እስከ መቼ? ባይፈረምስ ምን ይሆናል? ሦስቱንም ሳትደናገር መለሰች። ባትመልስ ኖሮ የሚታረመው ማስታወሻው ነበር።

ማስታወሻው ሰኞ ይገባል። ሪፖርቱን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ቢጠይቁ የሚያስፈልጉን ገጾች ላይ ምልክት አድርገን ይዘነው እንሄዳለን።