ርስትና ጉልት

አንደኛ አቅራቢ፦ ፊውዳሊዝም ገንዘብ እምብዛም በማይዘዋወርበት ዘመን ንጉሥ ለሹማምንቱና ለጦረኞቹ የአገልግሎት ዋጋቸውን በመሬትና በመሬት ግብር የሚከፍልበት ሥርዓት ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ መሠረቶቹ ርስትና ጉልት ነበሩ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

አንደኛ አቅራቢ፦ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ርስት ገበሬው በአባቱ ወይም በእናቱ ዘር ቆጥሮ የሚያርሰው መሬት ሲሆን፣ ጉልት ግን ከዚያው መሬት ግብር የመቀበል መብት ነው። ንጉሡ አንድን መንደር ለጦር አለቃ ሲጎልትለት፣ ገበሬው ከእርሻው ሳይነቀል እህልና ማር ይገብራል፣ የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፤ ባለ ጉልቱም መንደሩን ይዳኛል፣ የክተት ነጋሪት ሲጎሰምም ስንቁን ይዞ ይዘምታል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ቢቀርስ?

አንደኛ አቅራቢ፦ ጉልቱ ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል፤ ሹም ሽር የሚባለው ይህ ነው። ርስተኛው ግን በቦታው ይቆያል፤ ጌታው እንጂ መሬቱ አይለወጥበትም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በኋላ ዘመንስ፣ በጉለሌና በአካባቢው?

አንደኛ አቅራቢ፦ እዚህ ነገሩ ከበድ ይላል፤ በምኒልክ ዘመን ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የኦሮሞ መሬት ለመኳንንትና ለወታደር ሲታደል፣ ብዙው ነባር ባለይዞታ መሬቱን ጭምር አጥቶ ጭሰኛ ሆኗል። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም፣ ጭሰኝነት እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ዘልቋል።